ፔጆዋ ሐረማያ ዳር፦ ነጸብራቁ ለምን የተለጠፈ ይመስላል?

«ሐረር ላይ ያነሳኋትን ፔጆ 404 ቆርጬ ሐረማያ ሐይቅ ዳር አቆምኳት። ቅጂዋን ሥሯ Flip Vertical አድርጌ ኦፓሲቲውን 50 አደረግሁት፤ ግን የተለጠፈ ነው የሚመስለው። የውሃውን ሞገድስ በምን ላስገባው? ፎቶሾፕ ነው የምጠቀመው።»

ወንድሜ፣ ኦፓሲቲው ላይ አትድከም። 30 ብታደርገውም 70 ብታደርገውም ያው ነው። መጀመሪያ የተሳሳተው ቦታው ነው።

እኔም ድሬ ስቱዲዮ ውስጥ ስጀምር በዚሁ ነገር ጉድ ሆኛለሁ። የሠርግ ባነር ነበር። ያጌጠች መኪና ሐይቅ ዳር አቁሜ ነጸብራቋን ልክ እንዳንተ ጎማው ላይ ገጠምኩት። ኮምፒውተሬ ላይ ቆንጆ ነበር። ባነሩ ሦስት ሜትር ሆኖ ሲሰቀል የሙሽራው አያት ጠጋ ብለው አዩና «አቦ፣ መኪናዋ ውሃ ላይ ነው እንዴ የቆመችው?» አሉ። ጀማው ሳቀ። እኔ ግን ስለ ነጸብራቅ የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስታወቱ ውሃው ነው፣ መሬቱ አይደለም። መኪናዋ የቆመችው ደግሞ ከውሃው ከፍ ባለ ዳር ላይ ነው። ስለዚህ የምትገለብጥበት መስመር ጎማው ሥር ሳይሆን፣ የውሃው ልክ ከመሬቱ ሥር ቢቀጥል ኖሮ መኪናዋ ሥር የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። በቀላሉ፦ ዳሩ ከውሃው የቱን ያህል ከፍ እንዳለ ገምት። ከዚያ የተገለበጠውን ፔጆ ከእውነተኛው ጎማ በዚያ ከፍታ እጥፍ ወደ ታች አውርደው።

በቁጥር ልንገርህ። 404 ቁመቷ 1.45 ሜትር አካባቢ ነው። ፎቶህ ላይ 580 ፒክሰል ቁመት ካላት፣ አንድ ሜትር 400 ፒክሰል ማለት ነው። ዳሩ ከውሃው ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ግማሽ ሜትር 200 ፒክሰል ነው፤ እጥፉ 400። ስለዚህ የተገለበጠው ጎማ ከእውነተኛው ጎማ 400 ፒክሰል ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ከጎማው እስከ ውሃው ጠርዝ ደግሞ ፎቶው ላይ 440 ፒክሰል ቢሆን፣ የነጸብራቁ የመጀመሪያ 40 ፒክሰል መሬቱ ላይ ያርፋል። እሱን በማስክ ትደብቀዋለህ። ውሃው ላይ የሚታየው ጎማው ከታች 10 ሳንቲም ተቆርጦ ነው። ትክክሉም ይኸው ነው፤ ዳሩ ስለሚከልለው ነው።

ፎቶው የተነሳው ከፍ ካለ ቦታ ከሆነ የሚቆረጠው ይበዛል። ካሜራው ከውሃው 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ፣ የውሃው ጠርዝ 10 ሜትር ርቆ፣ መኪናዋ 14 ሜትር ላይ ብትሆን ከላይ ያልኩህ 10 ሳንቲም ነው የሚጠፋው። ያው ካሜራ 3 ሜትር ላይ ቢወጣ ግን 70 ሳንቲም ይጠፋል። ግማሽ መኪና ማለት ነው። ስለዚህ ከጉብታ ላይ በተነሳ የሐይቅ ፎቶ ላይ፣ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብላ የቆመች መኪና ሙሉ ነጸብራቅ ካየህ፣ አንድ ሰው ለጥፎታል።

መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ከጎን ካነሳሃት ዕድለኛ ነህ። ትንሽ ከፊት ታጥፋ ከሆነ ግን አንድ ግልበጣ አይበቃም። የቅርቡ ጎማ ሲገጥም የሩቁ ይለያያል። የፊቷን ገጽ ለብቻ፣ የጎኗን ለብቻ ቆርጠህ እያንዳንዱን ገልብጠህ በ Edit > Transform > Skew አዘንብለው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ጎማ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች ጣል። የራሱ ነጸብራቅ እዚያው መስመር ላይ መገኘት አለበት።

አንድ ሌላ ነገር። ውሃው መኪናዋን የሚያያት ከታች ነው። አንተ በቆምክበት ስታነሳት የኮፈኗ ላይኛው ገጽ ይታያል፤ ነጸብራቁ ውስጥ ግን ኮፈኑ በዚያ መልክ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ሁለት ፎቶ ነው የማነሳው፦ አንዱን እንደተለመደው፣ ሁለተኛውን ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጬ። ሁለተኛው ለነጸብራቁ ነው። በትክክል የውሃው እይታ አይደለም፤ ግን ሞገድ ሲገባበት ማንም አይለየውም። አንተ ሁለተኛ ፎቶ ስለሌለህ ኮፈኑን በ Transform ጠፍጥፈው፣ እስኪጠብ ድረስ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ኦፓሲቲ ስትቀንስ ሁሉንም እኩል ነው የምታደበዝዘው። ውሃ እንዲህ አያደርግም። በተለይ የሐረማያ ውሃ ጭቃማ ሲሆን ጥቁር ነገር ጥቁር ሆኖ አይታይበትም። ጎማው ካለበት ቦታ ወደ ዓይንህ የሚመጣው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ፣ የውሃው የራሱ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ነጭ ነገር ደግሞ ደብዝዞ ነው የሚታየው። ስለዚህ ጥቁሩ ይነሳል፣ ነጩ ይወርዳል። ይህን የምታገኘው ከዚያው ፎቶ ነው። እኔ አንድ ሥራ ላይ የሩቁን ባሕር ዛፍ ብሩህነት ከ0 እስከ 255 ባለው ልክ ለካሁ፦ ዛፉ ራሱ 35፣ ውሃው ውስጥ 70። ዳሩ ላይ ደግሞ ውሃ መቅጃ ጄሪካን ነበር፦ ራሱ 210፣ ውሃው ውስጥ 150። ከሁለቱ ሲሰላ ዜሮው 54 ገደማ፣ 255ቱ ደግሞ 171 ገደማ ላይ ይወድቃል። እነዚህን ቁጥሮች Levels ውስጥ Output Levels ላይ በግራና በቀኝ ጻፍኳቸው። በቃ፣ መኪናው ውሃው ውስጥ ገባ። ቡናማውን እንዲይዝ ከፈለግህ ያንኑ ሒሳብ ለ Red፣ ለ Green እና ለ Blue ለየብቻ ሥራው። ኦፓሲቲው 100 ላይ ይቆይ።

እዚህ ላይ ልብ በል፦ የሩቁ ዛፍ ውሃው ውስጥ የማይታይ ከሆነ፣ ነፋስ ውሃውን በትኖታል ማለት ነው። ያኔ የፔጆዋን መልክ አታስገባ። ወደ ታች የተጎተተ ደብዛዛ ጥላ መሰል ነገር ይበቃል።

ሞገዱን በተመለከተ፣ Ripple ወይም Wave የሚለውን ፊልተር እርሳው። እኩል እኩል የሆነ እጥፋት ነው የሚሰጥህ፤ የቆርቆሮ ጣራ ይመስላል። ሞገዱን ከሐይቁ ራሱ ውሰድ። መኪናዋ ሥር ያለውን ውሃ ወደ አዲስ ፋይል ቅዳ። ቀለሙን አጥፋ። ከዚያ Filter > Other > High Pass ግባና 20 አካባቢ ስጠው። ይህ ዋናው ነጥብ ነው። Displace የሚባለው ፊልተር ግራጫ 128ን «አታንቀሳቅስ» ብሎ ነው የሚያነበው። የውሃው ፎቶ ከዚያ ከጠቆረ ወይም ከነጣ ነጸብራቅህ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። High Pass ግን አማካዩን ወደዚያው ግራጫ ይመልስልሃል። ፋይሉን PSD አድርገህ አስቀምጥ፤ Displace ሌላ አይቀበልም።

አሁን ነጸብራቁን Convert to Smart Object አድርገህ Filter > Distort > Displace ክፈት። እኔ የምጀምረው በዚህ ነው፦

```
Horizontal Scale: 4
Vertical Scale: 15
Stretch To Fit
Repeat Edge Pixels
```

ቁመቱ ላይ የሚበዛው በምክንያት ነው። ትንንሽ ሞገድ ነጸብራቅን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚጎትተው። ማታ የመንገድ መብራት በኩሬ ላይ ረጅም ዘንግ ሆኖ ሲታይ አይተህ የለ? እሱ ነው። 100 ብትጽፍ እስከ 128 ፒክሰል ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ 15 ማለት ቢበዛ 19 ፒክሰል ነው። ከዚያ Motion Blur ላይ Angle 90፣ Distance 8 ገደማ ጨምርበት።

ግን ሁሉንም ቦታ እኩል አትበትነው። ዳሩ አጠገብ ያለው ጎማ ጠንከር ብሎ ይታያል፤ ጣራው ነው የሚበታተነው። ነጥቡ ከውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ትንሽ የሞገድ ዘንበል ማለት ብዙ ያርቀዋል። እኔ ሁለት ቅጂ እሠራለሁ፦ አንዱ Vertical 5፣ አንዱ 18። በግራዲየንት ማስክ ከዳሩ ወደ ካሜራው አንዱን ወደ ሌላው አሻግራለሁ። በመጨረሻ ያንኑ የ High Pass ፋይል ከላይ በ Overlay 35 በመቶ አድርጌ ነጸብራቁ ላይ ብቻ አስረዋለሁ። አለበለዚያ የውሃው ሽብሽብ መኪናዋ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑ ይይዘዋል።

ስለ መስታወት ጠረጴዛ ደግሞ ብዙዎቻችሁ የሱቅ ዕቃ ስለምታነሱ ባጭሩ። እዚያ ሞገድ የለም፣ ዕቃውም መስታወቱን ስለሚነካ መገልበጫው እዚያው የተነካካበት ቦታ ነው። የሚረሳው ነገር መስታወት ሁለት ገጽ እንዳለው ነው። ከላይኛው ገጽ አንድ፣ ከታችኛው ሌላ ደከም ያለ ነጸብራቅ ይወጣል። ቅጂውን ደግመህ ጥቂት ፒክሰል ዝቅ አድርግና ኦፓሲቲውን ቀንሰው። የሽቶ ጠርሙስ ሥር ያቺ ድርብ መስመር ስትታይ መስታወትነቱ ይታመናል። ጥቁር አክሪሊክ ላይ ግን ሁለተኛው አይታይም፤ አትጨምርበት።

ፔጆዋን ከጨረስክ በኋላ ምስሉን 180 ዲግሪ አዙረህ እየው። ተገልብጦ ሲታይ የቱ እውነተኛ፣ የቱ ነጸብራቅ እንደሆነ ወዲያው የምትለየው በሞገዱና በደበዘዘው ቀለሙ መሆን አለበት። ነጸብራቁ ቦታውን የሳተ ከመሰለህ ወደ ግማሽ ሜትሩ ግምት ተመለስ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚያ ነው። ሐረማያ በሚቀጥለው ስትወርድ ዳሩ ላይ አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገህ አቁምና አንድ ፎቶ አንሳ፤ ግምቱ ይቀርልሃል።