ሲክል ሴልና ታላሴሚያ አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ

«ባሌ የሲክል ሴል ተሸካሚ፣ እኔ የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ ነን ተባልን። በሽታዎቹ ከተለያዩ ልጃችን ለምን ይታመማል?»

እህቴ፣ የሚነኩት ያንኑ ጂን ስለሆነ ነው፤ 11ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለውን የቤታ ግሎቢን ጂን። ቤታ ግሎቢን ከአልፋ ግሎቢን ጋር ተጣምሮ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይሠራል። በሲክል ሴል ቤታ ግሎቢን በበቂ ይሠራል፣ ግን 6ኛው ቦታ ላይ በግሉታሚክ አሲድ ፈንታ ቫሊን ገብቶበታል። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ እርስ በርሱ ይጣበቅና ቀይ የደም ሕዋሱን እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል። የጎበጠው ሕዋስ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል፤ ያ ከባድ የአጥንት ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። በታላሴሚያ ግን ችግሩ መጠን ነው፤ ቤታው ያንሳል ወይም ጭራሽ አይሠራም። አጣማጅ ያጣው አልፋ ግሎቢን ሕዋሱን ገና መቅኔ ውስጥ እያለ ይገድለዋል።

እንግዲህ ልጁ ከአባቱ ሲክሉን፣ ከአንቺ ታላሴሚያውን ከወረሰ (በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕድል ነው) ሲክሉን የሚያለዝብለት ጤነኛ ቤታ ጥቂት ይሆናል ወይም ጭራሽ አይኖርም። ያንቺ ጂን ምንም የማይሠራው ዓይነት ከሆነ ሕመሙ ከሁለቱም ወላጅ ሲክል ከተወረሰበት ብዙም አይለይም። የሄሞግሎቢን ምርመራውም ያንኑ ይመስላል። ፍንጩ ብዙ ጊዜ የደም ቆጠራው ወረቀት ላይ ነው፤ `MCV` ዝቅ ይላል፣ ማለትም ሕዋሶቹ ትንንሽ ናቸው። ሲወለድ ደህና ቢመስል አትዘናጊ፤ የጽንስ ሄሞግሎቢን ለጥቂት ወራት ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ያንቺ ቤታ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በጂን ምርመራ አስለዪ።