ሰማያዊው ነጥብ ባዶ ላይ ሲቀር

ጥያቄ፦ «በሚቀጥለው ሳምንት የሞባይል ዳታ በሌለበት አካባቢ አራት ቀን መኪና እነዳለሁ። በጉግል ማፕስ የምሄድበትን መንገድ አውርጃለሁ። ይበቃኛል?»

አይበቃህም፣ ወንድሜ። እኔም ይበቃኛል ብዬ ነበር የወጣሁት።

1. ሳጥኑን አስፋው። `Offline maps` ውስጥ `Select your own map` ስትነካ የሚመጣውን አራት ማዕዘን ማለቴ ነው። እኔ የስልኬን ቦታ ልቆጥብ ብዬ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ አጥብቤ አወረድኩት። በሁለተኛው ቀን ድልድይ ተሰብሮ ጠበቀኝ። የመንገድ ሠራተኞቹ ተለዋጩን መንገድ በእጃቸው ጠቆሙኝ። ጥቂት እንደነዳሁ ሰማያዊው ነጥብ ባዶ ግራጫ ላይ መጓዝ ጀመረ። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ያለ ዳታም ይሠራል፤ ስልኬ የት እንዳለሁ በትክክል ያውቃል፣ ከነጥቡ ሥር ግን መንገድ የለም። ሦስት መገንጠያ ላይ በግምት ታጥፌ ሁለቱን ተሳሳትኩ። ግማሽ ቀንና ግማሽ ታንክ ነዳጅ በዚያ አለቀ። መኪናውን ያከራየኝን ቢሮ የወረቀት ካርታ ስጠይቅ ሠራተኛው ቀና እንኳን ሳይል «ስልክ የለህም እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ስልክማ ነበረኝ!

2. ከቤት ሳትወጣ ፈትነው። የአውሮፕላን ሁነታን አብራ፣ ዋይፋዩም መጥፋቱን እይ። በቅርቡ ስትመለከተው የነበረውን ቦታ ግን ለፈተና አትጠቀም። ስልኩ ያሳየህን ምስል ለጊዜው ስለሚያስቀምጥ ያወረድከው ይመስልሃል፤ እኔን ያታለለኝም ይኸው ነው፣ ማታውን ሙሉ አካባቢውን ሳገላብጥ አምሽቼ ጠዋት «ሁሉም አለ» አልኩ። ከመንገድህ ርቆ ያለ፣ አይተኸው የማታውቀው መንደር ፈልግና ከዚያ እስከ መድረሻህ የመኪና መንገድ ጠይቅ። መልስ ካጣህ ካርታህ መሐል ላይ ክፍተት አለ ማለት ነው።

ጉግል ማፕስ ያለ ዳታ የሚመራህ በመኪና ብቻ ነው፤ መኪናው ቢቆምና በእግር መሄድ ቢመጣ አቅጣጫ አይሰጥህም። ለዚህ ብዬ አሁን ኦርጋኒክ ማፕስንም እጭናለሁ፤ እግረኛንም ይመራል። እሱ ደግሞ የሚወርደው በክልል በክልል ተከፋፍሎ ስለሆነ፣ መንገድህ የሚያቋርጠው አንድ ክልል ከጎደለ መንገዱን አያወጣልህም።

ስልኬ ሞላ ብለህ ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት ማጽዳት እንዳትጀምር። በመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ `Clear storage` ከነካህ ያወረድከው ካርታ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ባለፈው ዓመት በዚያው መንገድ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ድልድዩ አሁንም አልተጠገነም። በተለዋጩ መንገድ፣ መገንጠያዎቹን አንድ በአንድ እየታጠፍኩ፣ መንገድ የጠፋባቸውን ሁለት መኪኖች ከኋላዬ አስከትዬ አለፍኩ።