ድምፁ ከካቱ ጋር እንዲገጥም ቃል ሳይሆን ፊደል ይቁጠሩ

ጥያቄ፦ «ለቡና መሸጫ የ20 ሰከንድ ማስታወቂያ እየሠራሁ ነው። ኤዲተሩ በየሰከንድ ተኩሉ ካት እያደረገ ምስሉን ይቀይራል። የጻፍኩት ጽሑፍ በጠቅላላ ሰዓቱ ይገጥማል፣ ሲነበብ ግን ድምፁ አንዴ ምስሉን ይቀድመዋል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል ይሁን?»

በቃል ከለኩት መቼም አይገጥምም። «ቡና»ም አንድ ቃል ነው፣ «ስለሚያስፈልጋቸው»ም አንድ ቃል ነው። በአማርኛ የተሻለው መለኪያ ፊደል ነው፤ አብዛኛው ፊደል ከነአናባቢው አንድ ድምፅ ስለሆነ በወረቀት ላይ የሚታየው ርዝመት አፍ ውስጥ ካለው ርዝመት ጋር ብዙም አይራራቅም።

መጀመሪያ የአንባቢውን ፍጥነት ይወቁ። 200 ፊደል ያህል የሆነ ጽሑፍ ይስጡትና በማስታወቂያው ስሜት ያንብበው፤ የፈጀውን ሰከንድ ይያዙና 200ን ለሱ ያካፍሉ። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ በሰከንድ 7 ፊደል ጥሩ መነሻ ነው። 9 ሲያልፍ ቃላት መዋጥ ይጀምራሉ። ስሌቱን በእጅ ከመሥራት በኤክሴል ወይም በጉግል ሺት እያንዳንዱን መስመር ከA2 ጀምሮ በአንድ ሳጥን ጽፈው ይህን ከጎኑ ያስገቡ፤ በ7 ፈንታ የአንባቢዎን ፍጥነት ይተኩ፣ የሚሰጥዎ ቁጥር ሰከንድ ነው፦

```
=LEN(SUBSTITUTE(A2," ",""))/7
```

ቀመሩ አራት ነጥብንና ነጠላ ሰረዝንም እንደ ፊደል ስለሚቆጥር ሳጥኑ ውስጥ ሥርዓተ ነጥብ አይጻፉ። ከዚህ በላይ የሚያሳስተው ቁጥር ነው። «850 ብር» በሺቱ 5 ምልክት ነው፤ ሲነበብ ግን «ስምንት መቶ ሃምሳ ብር» ስለሆነ 11 ፊደል፣ ማለትም 1.6 ሰከንድ ይወስዳል። «2017 ዓ.ም.» ደግሞ «ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት» ሲባል 18 ፊደል ነው። ስለዚህ ከመቁጠርዎ በፊት ቁጥሩንና ምህጻረ ቃሉን ሁሉ በፊደል ይዘርዝሩ።

የፊደል ቆጠራ ፍጹም አይደለም። ሳድስ የበዛበት ቃል ከቁጥሩ አጥሮ ይነበባል፤ «ትኩስ ድንች» ስድስት ፊደል ቢሆንም ከአፍ የሚወጣው በአራት ምት ነው። «ቤቱ ሞላ ቡና» ግን ስድስቱም ፊደል ሙሉ ምት ይወስዳል። በሌላ በኩል የሚጠብቅ ፊደል ሳይጻፍ ጊዜ ይበላል፤ «ቡና» ላይ «ና» ይጠብቃል፣ «ፈላ» ላይ «ላ» ይጠብቃል። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚካካሱ ቆጠራው ለረቂቅ ይበቃል፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ማስታወቂያ። በየ1.5 ሰከንዱ የሚቆረጥ ምስል በሰከንድ 7 ፊደል ሲሰላ 10 ፊደል ይይዛል። ከዓረፍተ ነገር በኋላ ላለችው ትንፋሽ ሁለት ፊደል ያህል ሲቀነስ 8 ይቀራል፤ ይህም ሁለት ቃል ገደማ ነው። እንደዚህ ላለው ማስታወቂያ ብዙ ሰው የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦

«በባህላዊ መንገድ በምጣድ ተቆልቶ በሙቀጫ ተወቅጦ በጀበና የሚፈላውን ንጹሕ የይርጋጨፌ ቡና ቤትዎ ድረስ እናመጣለን።»

ሲቆጠር 58 ፊደል ነው፤ 8.3 ሰከንድ። ምስሎቹ ስድስት ናቸው እንበል፦ ቡናው ሲታጠብ፣ ምጣድ ላይ ሲቆላ፣ ጭሱ ሲወጣ፣ ሲወቀጥ፣ ጀበናው ፍም ላይ ሲፈላ፣ ሲኒ ላይ ሲቀዳ። ስድስት በ1.5 ዘጠኝ ሰከንድ ይሆናል፤ በጠቅላላ ሰዓቱ ይገጥማል ማለት ነው። ውስጡን ሲያዩ ግን «በሙቀጫ ተወቅጦ» የሚለው ከ2.4 እስከ 3.6 ሰከንድ ድረስ ይሰማል። ሙቀጫው የሚታየው ደግሞ ከ4.5 ጀምሮ ነው። ጀበናውም 6 ሰከንድ ላይ ሊታይ ስሙ በ3.6 ይጠራል። «ቡና» የሚለው ዋናው ቃል 6.3 ሰከንድ ላይ ይደርሳል፤ ይህ ሁሉ ሥራ ምን ላይ እንደሚያርፍ የሚነግረው «እናመጣለን» የሚመጣው ጀበናው ሄዶ ሲኒው እየተቀዳ ሳለ ነው። ድምፁ ቀደመም ኋላ ቀረም የሚመስለው ለዚህ ነው። ርዝመቱ ልክ ነው፣ ስርጭቱ ግን ምስሉን አያውቀውም።

የአማርኛ ዋናው ጣጣ ግሱ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። «የሚፈላውን» ያለ ሰው አድማጩን ስሙ እስኪመጣ፣ ስሙ ከመጣ በኋላ ደግሞ ግሱ እስኪመጣ ያስጠብቀዋል። ረጅም ምስል ላይ ይህ ጥበቃ ያምራል። በ1.5 ሰከንድ በሚቆረጥ ምስል ላይ ግን ግሱ ሁልጊዜ ሌላ ምስል ላይ ያርፋል። መፍትሔው «የሚ...ውን» የሚለውን ሁሉ ወደ አጭር የኃላፊ ጊዜ ግስ መፍታት ነው፤ አንድ ምስል፣ አንድ ግስ። ከዚህ በታች በቅንፍ ያለው ምስሉ የሚጀምርበት ሰከንድ ነው፦

(0) ቡናው ታጠበ። — 6 ፊደል
(1.5) ምጣዱ ላይ ተቆላ። — 8 ፊደል
(3) ዝም፤ የመቁላቱ ድምፅ ብቻ
(4.5) ተወቀጠ። — 4 ፊደል
(6) ጀበናው ፈላ። — 6 ፊደል
(7.5) ከሲኒው የሚወጣው መዓዛ ጎረቤት ይጠራል። — 20 ፊደል
(12) የይርጋጨፌ ቡና፣ ቤትዎ ድረስ። — 14 ፊደል
(16) አርማና ስልክ፤ ዝም

ይህም በድምሩ 58 ፊደል ነው። ልዩነቱ በ9 ሰከንድ ውስጥ ታጭቆ የነበረው በ16 ሰከንድ ላይ መዘርጋቱና እያንዳንዱ ግስ በራሱ ምስል ላይ ማረፉ ነው።

4.5 ላይ መጀመሪያ የሚመጣልዎ «ሙቀጫ ውስጥ ተወቀጠ» ነው፤ ሲቆጠር 10 ፊደል፣ ያለ ትንፋሽ ጠርዙን ይነካል። ሙቀጫው በምስሉ አለ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። «ተወቀጠ» በ0.6 ሰከንድ ያልቅና የዘነዘናው ድምፅ ብቻውን ይሰማል። የሚታየውን ነገር ደግሞ መናገር የጊዜ ብክነት ነው፤ ግሱን ብቻ ይተዉለት።

7.5 ላይ ያለው መስመር ሆን ተብሎ ካት ያሻግራል። የሲኒው ምስል 9 ሰከንድ ላይ ሲያልቅ ቀጣዩ ምስል ጎረቤቶች ተሰብስበው የሚጠጡበት 3 ሰከንድ ነው። ድምፁ 7.6 ላይ ቢጀምር «ከሲኒው የሚወጣው መዓዛ» 12 ፊደል ስለሆነ 1.7 ሰከንድ ይፈጃል፤ «ጎረቤት» የሚለው ቃል 9.3 ላይ፣ ጎረቤቶቹ ከታዩ በኋላ ወዲያው ይሰማል። «የሚ» ያለበት ዓረፍተ ነገር እዚህ ላይ የተፈቀደው ለዚህ ነው፤ ግሱ የሚያርፍበት ረጅም ምስል አለው። ከካት በፊት ቃሉ ከተሰማ ድምፁ ጠንቋይ ይመስላል፣ ከካት በኋላ ከ0.1 እስከ 0.3 ሰከንድ ሲቆይ ግን ዓይንና ጆሮ ይገናኛሉ።

እዚሁ መስመር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ይጠራል» ላልቶ ሲነበብ መዓዛው ጎረቤቱን ይጠራል ማለት ነው፤ «ጠ» እና «ራ» ጠብቀው ከተነበቡ ግን ጎረቤቱ በሌላ ሰው ተጠራ ማለት ይሆንና ዓረፍተ ነገሩ ይበላሻል። ጽሑፉ ልዩነቱን አያሳይምና ለአንባቢው በሚሰጡት ወረቀት ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በብዕር ነጥብ ያድርጉ፣ እዚህ «ላላ» ብለው ይጻፉ። «ታጠበ»፣ «ተቆላ»፣ «ተወቀጠ»፣ «ፈላ» ሁሉም የሚጠብቅ ፊደል ስላላቸው፣ አንባቢው ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ማጥበቁ ከጠፋ መስመሩ ረዝሟል ማለት ነው፤ አንባቢውን ከመውቀስ ሁለት ፊደል ይቀንሱ።

ግሶቹ በአራት ነጥብ መቆራረጣቸው ካልጣመዎት ሌላ መንገድ አለ፦ «ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ ቀረበ።» ይህ አማርኛ ለፈጣን ካት የሰጠው ጥሩ ስጦታ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ሦስት ወይም አራት ፊደል ነው፣ ድምፁም ወደ ላይ እንደተንጠለጠለ ስለሚቆይ ምስሎቹ አንድ ሆነው ይሄዳሉ። የጭሱን ምስል እንደ ፊቱ በዝምታ ያሳልፉት። «ቀረበ» የግድ በሲኒው ምስል ላይ መውደቅ አለበት፤ አንድ ግስ ከቀደመ የቀሩት ሁሉ ይዛነፋሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስህተት «ተቆልቶ ተወቅጦ» ማለቱ ሳይሆን በመካከላቸው ለጭሱ ምስል ቦታ አለመተዉ ነው።

ኤዲተሩ ከአንድ ሰከንድ በታች ወደ መቁረጥ ከሄደ የምስል በምስል ነገሩን ይተዉት። ግማሽ ሰከንድ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ ምስል ቃል መፈለግ ጽሑፉን ይቆራርጠዋል። በዚያ ጊዜ አራት አምስት ምስል እንደ አንድ ተቆጥሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይለፍበት፤ የመጀመሪያው ቃል ከመጀመሪያው ምስል፣ ግሱ ከመጨረሻው ምስል ጋር ብቻ ይግጠም።

የስልክ ቁጥሩን በድምፅ አያስነብቡ። አሥር አሃዝ እየተነበበ እስኪያልቅ ያሉዎት አራት ሰከንዶች አይበቁም፤ በስክሪን ላይ ይቀመጥ።

ከመቅዳትዎ በፊት ጽሑፉን በስልክ ራስዎ አንብበው ይቅዱትና ኤዲተሩ ታይምላይን ላይ ያስቀምጠው። ያልገጠመው መስመር ያኔ ይታያል፣ ማስተካከሉም ነፃ ነው። ዋናው ድምፅ ከተቀዳ በኋላ ጥቂት ፍሬም ቢተርፍ ድምፁን ከማፋጠን ካቱን ሦስት አራት ፍሬም ማንቀሳቀስ ይሻላል፤ በ25 ፍሬም በሚሠራ ቪዲዮ አራት ፍሬም 0.16 ሰከንድ ነው፣ ተመልካች አያውቀውም። ድምፅ ሲፋጠን ግን የጠበቀውም የላላውም ፊደል እኩል ያጥራል፣ ጆሮም ወዲያው ይለየዋል።