ስልሳው ቀን ሳያልቅ፦ ስለ ሙከራ ጊዜ ግምገማ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፒያሳ ያለ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ ነን። ደረሰኝ ቆራጭ ቀጥረን ነገ 45 ቀን ይሞላታል። ቋሚ ትሁን አትሁን ዛሬ መወሰን አለብን?

መልስ፦ 45 ቀን የድሮው አዋጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠሩ አሥር ሳምንት ገደማ። ግን ስልሳው ጣሪያ ነው፤ ውላችሁ ላይ 45 ተብሎ ከተጻፈ በ45 ያበቃል። የሙከራው ስምምነት በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ ከመሠረቱ ችግር አለ። መጀመሪያ ውሉን አውጡና እዩ።

ጥያቄ፦ አለቃዋ «ትሳሳታለች» ይላል። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ስንት ጊዜ፣ በምን፣ በማን ምክንያት? የደረሰኝ ቀሪዎቹ እጃችሁ ላይ ናቸው፤ እነሱን ቁጠሩ። ለምሳሌ ከመጀመሪያዎቹ 200 ደረሰኞች 14 ስሕተት፣ ከቀጣዮቹ 200 ደግሞ 6 አገኛችሁ እንበል። ከስድስቱ አራቱ መጋዘኑ ዋጋ ቀይሮ ሳይነግራት የቆረጠቻቸው ከሆኑ የእሷ ስሕተት ሁለት ብቻ ነው። ይህች ሠራተኛ እየተማረች ነው። በአንጻሩ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ አሰላል ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ታይቷት ያንኑ ከደገመች ነገሩ ሌላ ነው። የነባሩን ደረሰኝ ቆራጭ ስሕተትም በዚያው መንገድ ቁጠሩ፤ አለበለዚያ ስድስት ብዙ ይሁን ጥቂት በምን ይታወቃል?

ይህን በ15ኛው፣ በ30ኛውና በ45ኛው ቀን በአንድ ገጽ አስፍሩ፦ ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ የተነገራትን፣ የእሷን መልስ፣ ፊርማዋን። በመጨረሻው ሳምንት ብቻ የሚጻፍ ግምገማ ብዙ ጊዜ የዚያን ሳምንት ጭቅጭቅ ነው የሚያንጸባርቀው።

ሌላ ተሳታፊ፦ ይህ ሁሉ ለምን? በሙከራ ጊዜ ያለ ምክንያት ማሰናበት ይቻላል እኮ!

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያም ሆነ ካሳ የለም። ሕጉ ግን ይህን የሚፈቅደው ለሥራው ተስማሚ ሆና ካልተገኘች ነው። «በእርግዝናዬ ነው ያባረሩኝ» ብላ ብትከስ የሚመልስላችሁ ያ ገጽ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሙከራዬ ካለፈ ቆየ፤ የቋሚነት ደብዳቤ ግን የለም። ስልሳው ቀን ለእኔም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ እርስዎ የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። የአፈጻጸም ውጤትዎ መሞላቱን የሰው ሀብት ክፍልን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ (ከፒያሳዎቹ) አሥር ቀን ታማ ቀርታ ነበር። አንድ ወር ብናራዝምላትስ?

መልስ፦ ከ60 ቀን በላይ ማራዘም አያዋጣም። በ61ኛው ቀን ሥራ ከገባች ውሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልጋል። የሕመም ቀኑ ላይ የሕግ ባለሙያዎችም አይስማሙም። ስለዚህ እንደተቆጠረ አስቡና ውሳኔውን እስከ 55ኛው ቀን በደብዳቤ ስጧት። በአሥሩ ቀን ያልታየውን ሥራ ግን ጉድለት ብላችሁ እንዳትሞሉባት።