ፋይበሩ ደም ውስጥ ካልገባ፣ ኮሌስትሮልን በምን ያወርዳል?

«ሐኪሙ ኤልዲኤልህ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ 160 ነው፣ አጃ ብላ አለኝ። ግን ፋይበሩ አይፈጭም፣ ደምም ውስጥ አይገባም። ታዲያ እንዴት ነው የሚሠራው?»

ሥራውን የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው፤ የሚይዘውም ሐሞትን ነው።

ጉበትህ የሐሞት አሲድ የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። አሲዱ ትንሹ አንጀት ወርዶ ስብ ካስፈጨ በኋላ 95 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ይመጠጥና ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ቆጣቢ ነው፣ ያንኑ ደጋግሞ ይጠቀምበታል።

ቤታ ግሉካን የሚባለው የአጃው ፋይበር ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል። አጥሚቱን ሲያወፍረው አይተህ የለ? እሱ ነው። ያ ዝልግልግ ነገር የሐሞት አሲዱን አፍኖ ይይዝና ከሰገራ ጋር ያወጣዋል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅሙ ተቀባዮቹን ያበዛል። ደምህ ውስጥ ያለው የሚቀንሰው ያኔ ነው።

መጠኑ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው፤ ወደ 75 ግራም ደረቅ አጃ ማለት ነው። ለሁለት ጊዜ ከፍለው። ብዙ አትጠብቅ፤ ቅናሹ ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ነው። ያንተ 160 ወደ 150 ቢወርድ ጥሩ ሠርቷል። መድኃኒት ታዞልህ ከሆነ አጃ እበላለሁ ብለህ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ።

አንድ ነገር ከራሴ፦ እኔ አጥሚቱን ቅቤ እየጨመርኩበት ሁለት ወር ጠጣሁና ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የቅቤው ስብ እነዚያኑ ተቀባዮች ይቀንሳል። አጃው የሰበሰበውን ቅቤው በተነው።