አራት ነጥቡ መስመር ሲጀምር

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ የተቀመጠበት የሥልጠና መመሪያ በወርድ እያዘጋጀሁ ነው። የአማርኛው ዓምድ አስቸገረኝ። አንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ቃል ብቻ ተበታትኖ ይቀመጣል። አራት ነጥቡ ብቻውን ወርዶ መስመር ይጀምራል። «በ» ከላይ ቀርታ የእንግሊዝኛው ቃል ወደ ታች ይሄዳል። ፎንት ብቀያይርም ያው ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ፋይሉን ሳላየው ልገምት። ካንቺ በፊት ሌላ ሰው ነካክቶታል። መስመሩ አልገጥም ሲለው Shift+Enter እየመታ በግድ አውርዶታል። ጽሑፉ በሁለቱም ጠርዝ እኩል እንዲሆን ሲታዘዝ፣ ወርድ በShift+Enter የተቆረጠውን መስመር እስከ ጠርዝ ይወጥረዋል። በEnter ያለቀውን ግን ይተወዋል። ሦስት ቃል የተበታተነው ለዚህ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ የፋይሉን ኮፒ በሌላ ስም አስቀምጪ። ከዚያ Ctrl+Shift+8 ተጫኚ፤ የተደበቀው ይወጣል። ነጥብ ካየሽ ስፔስ ነው፤ የታጠፈች ቀስት ካየሽ Shift+Enter ናት። ከአራት ነጥቡ በፊትም ነጥብ ታያለሽ ብዬ እወራረዳለሁ። ስፔስ ካለ ወርድ እዚያ ላይ መስመር መስበር ይችላል። «በ»ም የምትቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ፣ ይህን ነገር ስለምወደው። ብራና ላይ የሚጽፍ ጸሐፊ ይህ ችግር አልነበረበትም። ዓምዱ ሲሞላበት ቃሉን መሃል ላይ ቆርጦ ቀሪውን ከታች ይቀጥላል። ሰረዝ እንኳ አያደርግም። አንባቢው አይደናገርም፤ ቃሉ የሚያልቀው ሁለት ነጥብ (፡) ሲመጣ ነውና። ሁለት ነጥቡ እስካልመጣ ድረስ «ክርስ» ከላይ፣ «ቲያን» ከታች ቢሆንም አንድ ቃል ነው። እኛ ሁለት ነጥቡን ትተን ባዶ ቦታ ስናደርግ ያ ነፃነት አብሮ ሄደ። አሁን ቃል መሃል ላይ ከቆረጥሽ ሁለት ቃል ይመስላል። ስለዚህ ቃሉ እንዳለ ይወርዳል። የአማርኛ ቃል ደግሞ የሚያያዝበት ብዙ ስለሆነ ረጅም ነው፤ «እንደሚያስፈልጋቸው» ብለሽ ስትጽፊ የጠባብ ዓምድ ግማሽ ሊሄድ ይችላል። የተረፈው ቦታ በስፔሶቹ ላይ ይከፋፈላል።

ወደ ሥራው። ኮፒ አስቀምጠሻል አይደል? የአማርኛውን ዓምድ ብቻ ምረጪና Ctrl+H ክፈቺ። መጀመሪያ `^l` ፈልገሽ በአንድ ስፔስ ተኪ። ቀጥሎ ሁለት ስፔስ በአንድ፤ ምንም እስከማይገኝ ደጋግሚ። ከዚያ ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድሮ አራት ነጥብ ያስመሰለ ሰው አይጠፋምና `፡፡` የሚለውን በ`።` ቀይሪ። የእንግሊዝኛ ኮለን ደርድሮ ከሆነም `::` ፈልጊ። መጨረሻ ላይ ከ`።`፣ ከ`፣` እና ከ`፤` በፊት ያለውን ስፔስ አጥፊ።

ለ«በ»ና ለጓደኞቿ Use wildcards ላይ ምልክት አድርገሽ የላይኛውን መስመር Find what ላይ፣ የታችኛውን Replace with ላይ ጻፊ። ሁለቱም መስመር የሚጀምረው በስፔስ ነው፦

```
 ([በየከለ]) ([A-Za-z])
 \1\2
```

ያኔ `በ PDF` የነበረው `በPDF` ይሆናል። የመጀመሪያዋን ስፔስ ከረሳሽ ግን «አለ» ከሚል ቃል በኋላ የመጣ የእንግሊዝኛ ቃልም ይጣበቃል። Replace All አትንኪ፤ Find Next እያልሽ አንድ በአንድ ሂጂ። እኔ አንድ ጊዜ ኮፒ ሳላስቀምጥ ኮለንን ሁሉ በሁለት ነጥብ ቀየርኩ። ሰዓቱ ሁሉ 8፡30 ሆነ፣ የእንግሊዝኛው ዓምድና የድረ ገጽ አድራሻዎቹም ተበላሹ። ፋይሉን ዘግቼ ስለነበር ሁለት ቀን በእጄ መለስኩት።

ሰረዝ የምትወጂ ከሆነ (`የ-PDF`) Ctrl+Shift+ሰረዝ ተጠቀሚ፤ ተራው ሰረዝ ላይ መስመር ይሰበራል። «2016 ዓ.ም.» እና «25 ኪሎ» ላይ ደግሞ በቁጥሩና በቃሉ መካከል Ctrl+Shift+Space አድርጊ፤ አይለያዩም።

ፎንት ስትቀያይሪ ያልተፈታው በሽታው እሱ ስላልሆነ ነው። ግን ከዚህም ከዚያም በነፃ የተለቃቀመ ፎንት ካለሽ አውጪው። ስፔስም ልክ እንደ ፊደል የፎንቱ ነው፤ አንዱ ስፔስ ከአንዱ ፎንት፣ ሌላው ከሌላ ከመጣ ስፋቱ ይለያያል። የአማርኛውን ዓምድ ስፔሱን ጨምሮ Nyala ወይም Abyssinica SIL አድርጊው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዓምዱ ጠባብ ከሆነ ክፍተቱ አይጠፋም። የአማርኛውን ምረጪና Ctrl+L በይ፤ የቀኙ ጠርዝ ወጣ ገባ ይሁን። አለቃሽ «አያምርም» ካሉ ዓምዱን አስፊ እንጂ ወደ Shift+Enter አትመለሺ። ስትጨርሺ የዓምዱን ጠርዝ በማውስ ይዘሽ ወዲህ ወዲያ ሳቢው። አራት ነጥቡ ከቃሉ ጋር አብሮ ከወጣና ከወረደ ተስተካክሏል። አንድ ቦታ ብቻውን ከቀረ፣ እዚያ ያመለጠሽ ስፔስ አለ።