«ምንም አታምጡ» ያስከፋው ዘመድ፦ የሙት ዓመት ጥሪ አጻጻፍ

ጥያቄ፦ የአባቴ ሙት ዓመት ታኅሣሥ 9 ነው። ጥሪውን እንድጽፍ እኔ ተመርጫለሁ፤ ገና ሳልጀምረው ግን ቤቱ ተከፋፈለ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ አዳራሽ እንከራይ፣ ሁላችንም ፎቶው ያለበት ጥቁር ቲሸርት እንልበስ ይላል። እናቴ ያን ቀን ከሏን ማውለቅ ትፈልጋለች፤ እህቴ «እንዲህ ቶሎ?» ብላ አስለቀሰቻት። በአርባው «ምንም አታምጡ» ብለን ስለጻፍን የአባቴ እህት እስካሁን አኩርፋናለች። አባቴ ከእናታችን በፊት የወለደው ወንድማችን ስሙ ይግባ አይግባ የሚለውም አለ። መቃብሩ ጫጫ አጠገብ ባለው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። ምን ብዬ ልጻፍ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ሰዎችን ያነጋግሩ። እናትዎን ፊት ለፊት፣ አክስትዎንና ታላቅ ወንድምዎን በስልክ። እነዚህ ሦስቱ ነገሩን መጀመሪያ ከቴሌግራም ግሩፕ ካነበቡት የቃሉ ማማር አያድንም። ሐዘንተኛ ሰው ጥሪ ሲያነብ ሰዓቱን ከማየቱ በፊት «እኔ በዚህ ቤት ማን ነኝ?» ለሚለው መልስ ይፈልጋል፤ ያልተጻፈውንም በራሱ ቁስል ይሞላዋል።

ከስሙ እንጀምር። «ልጆቹ» ብለው ስም ሳይጠሩ ቢያልፉት ገለልተኛ ይመስላል፤ ታላቅ ወንድምዎ ግን ከልጆቹ ይቆጠር አይቆጠር አያውቅም። ስለዚህ ልጆቹ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይጻፉ፣ እሱ መጀመሪያ ይግባ፣ «ከሌላ እናት» የሚል ነገር አይኑርበት። ለእናትዎ ይህን ሌላ ሰው በሌለበት ይንገሯቸው፤ በዘመድ መሐል ከሰሙት እምቢ ከማለት ሌላ መውጫ አይኖራቸውም። ጨርሶ ካልተቀበሉ የሁላችሁም ስም ይውጣና «ልጆቹና ቤተሰቡ» ይባል፤ ለወንድምዎም ያንኑ ቀን ይደውሉ። የአንዱን ስም ብቻ ማውጣት ግን ዓመታት የሚቆይ ቂም ይተክላል።

ቀኑና ቦታው ላይ ብዙ አልቆይም። ታኅሣሥ 9 ዘንድሮ ሐሙስ ላይ ይውላል፤ በጾም የሥራ ቀን ደግሞ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከሩቅ ለሚመጣ አይመችም። ሐሙስ እናንተ የቅርቦቹ ከካህኑ ጋር ፍትሐቱን አስደርሱ፤ ለዘመድ የሚጠራው እሑድ ታኅሣሥ 12 ይሁን። የእሑድ ቅዳሴ በጾምም በጠዋት ነው። ቦታው መቃብሩ ያለበት ይሁን። አዳራሹን ለሚፈልገው ወንድምዎ «ጫጫ መድረስ የማይችሉትን ሌላ እሑድ ቤትህ ቡና ጥራልን» ይበሉት፤ መንገዱ የሚያስቸግረው ዘመድ ስለሚኖር እውነተኛ ሥራ ነው።

ልብሱ ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባቀረቡት ሐሳብ፣ ሐዘንተኛ ሰው በሁለት ሥራ መካከል ይመላለሳል፤ አንዴ ሟቹን ያስባል፣ አንዴ የቀረውን ሕይወት ያደራጃል። እናትዎና እህትዎ በአንድ ቀን በሁለቱ ዳር ቆመው ነው የተጋጩት። ከል ማውለቁ መርሳት አይደለም፤ ጥቁሩን ማቆየትም ግትርነት አይደለም። ጥሪው አንዱን ካዘዘ ሌላዋ ጥፋተኛ ትሆናለች። ስለዚህ «ነጭ የአገር ልብስ ወይም ጥቁር» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ። እናትዎ ከላቸውን ዘመድ ሳይሰበሰብ ሐሙስ ቢያወልቁ፣ እህትዎም ነጠላቸውን ብታቀብላቸው ይመረጣል፤ ማን እንዳወለቀ የሚቆጥር ዓይን አይኖርም። ቲሸርቱን ይተዉት፤ ደንብ ልብስ በታወጀ ቁጥር ያልለበሰው ሰው ይታያል። ወንድምዎ አንድ ትልቅ ፎቶ አሳትሞ ድንኳኑ ውስጥ ይስቀል።

እህትዎ ላይ ከጥቁሩ ሌላ ነገር ካዩ፣ ማለትም ዓመቱ ሊሞላ ሲልም በአብዛኛው ቀን ሥራና ልጅ መያዝ ካቃታት፣ ወይም «እሱ ከሌለ ምን አደርጋለሁ» ካለች፣ እስከ ሙት ዓመቱ ሳይጠብቁ የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷት።

አሁን ወደ አክስትዎ። «ምንም አታምጡ» የተጻፈው ሰውን ከወጪ ለማሳረፍ ነበር። ወንድሟን ለቀበረች እህት ግን «አንቺ እንግዳ ነሽ» ማለት ሆነባት፤ በሐዘን ቤት ባለቤትነት የሚታወቀው በተሸከሙት ሥራ ነውና። መድኃኒቱ የሷ ብቻ የሆነ ሥራ መስጠት ነው። እንዲህ ይበሏት፦ «እትዬ፣ በአርባው የጻፍነው አስከፍቶዎታል፤ ይቅር ይበሉን። የወንድምዎን ጠላ ከእርስዎ ሌላ ማን ይጠነስሰዋል?» ይህን ከሦስት ሳምንት በፊት ይንገሯት፤ በእናንተ ብርድ ጥንስሱ ቶሎ አይፈላም፣ ዘግይቶ የተነገራት ደግሞ ለወጉ የተጠየቀች ይመስላታል።

ለሌላው ዘመድ «የቻላችሁትን» አይበሉ። እንዲህ ሲባል ሁሉም የታሸገ ውኃ ይዞ ይመጣና እንጀራ ይጎድላል። ሒሳቡን ይሥሩ፦ 120 ሰው ከጠሩ ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ፣ 240 ይሆናል። ለካህናት፣ ለነዳያንና ለሚያስተናግዱ እድርተኞች 60 ይጨምሩና 300። ስድስት የቅርብ ቤቶች ቅዳሜ 50፣ 50 ይጋግሩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ለመሸከም የሚቀለውን ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ይያዝ፤ የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድመው የደብሩን አስተዳዳሪ ይጠይቁ። የወጡን ወጪ ልጆቹ በመካከላችሁ ተካፈሉ፤ ገንዘብ ጥሪው ላይ አይነሣ። ቀኑ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ ይህንንም በግልጽ ይጻፉ።

ጥሪው እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«የአባታችን የአቶ … ሙት ዓመት እሑድ ታኅሣሥ 12 ጫጫ አጠገብ በሚገኘው በ… ቤተ ክርስቲያን ይታሰባል። ቅዳሴው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል፤ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ላይ ፍትሐት ይደረጋል። ለቅዳሴ ያልደረሰ ሰው እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት መቃብሩ ጋ ይገኝ (ውጭ አገር ላላችሁ 3 ሰዓት ማለት 9:00 ነው)። ከዚያ እቤት እንቀመጣለን። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ሸኖን አልፋችሁ ጫጫ ትወርዳላችሁ፤ ደብረ ብርሃን አትደርሱም። ልብስ፦ ነጭ የአገር ልብስ ወይም ጥቁር። ውርጭ ስላለ ጋቢ፣ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ያዙ። መስተንግዶው የጾም ነው። አንድ ነገር ይዞ መምጣት የፈለገ ከጧፍ፣ ከዕጣንና ከዘቢብ አንዱን ይምረጥና ለ… ይደውል፤ ባዶ እጁን የመጣም ወንድማችን ነው፣ እህታችን ናት። መምጣት የማይመቸው ስሙን ይላክልን፣ አብረን እናስበዋለን። ልጆቹ፦ …»

ሰዓቱን ለይቶ መጻፍ ትርፍ እንዳይመስልዎ። ውጭ የሚኖር ዘመድ «3 ሰዓት»ን በስልኩ ሰዓት ካነበበ ከሰዓት በኋላ ይደርስና ሆን ተብሎ የተደበቀ ይመስለዋል።

ጥሪውን ከሁለት ሳምንት በፊት ይልቀቁ። በአራተኛው ቀን መልስ ላልሰጡት ይደውሉ፤ ስማርት ስልክ ለሌላቸው ሽማግሌዎች ልጅ ይላኩ። ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ አጎት የመንዝ በግ እየጎተተ ሊመጣ ይችላል። «ጾም ነው ብለን ጽፈን ነበር» አይበሉት። በጉን ይቀበሉ፣ ጓሮ ይሰሩት፣ «የገና ነው፣ ያን ቀን መጥተው ይባርኩልን» ይበሉ።